“እንደተጠቀሰው” የሚለው ቃልና የዋቢዎች ዝርዝር

በመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ በጥናታዊ መጣጥፍ አንድ ጸሐፊ ገልጦ ያላየውን መጽሐፍ ሐሳብ የሚጠቅስበት ጊዜ አለ። ሐሳቡን ያገኘው ሌላ ደራሲ ጠቅሶት ነው፤ ዋናውን መጽሐፍ ግን አላነበበውም። በአማርኛ ጥናታዊ ጽሑፎች ይህ ሁኔታ “በእገሌ እንደተጠቀሰው” በሚል ሐረግ ይገለጣል። ሐረጉ አጭር ቢሆንም ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነና ጸሐፊው ከየት እንዳገኘው። ተማሪዎችን የሚያደናግረው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሁለት ሰዎች ስም ከተጠራ፣ በመጨረሻው የዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለበት የማን ሥራ ነው?

ብዙ ተማሪ ሁለቱንም ያስገባል። አንዳንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ያስገባና የሁለተኛውን ስም ጨርሶ ይተወዋል። በስፋት የሚሠራበት ደንብ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ጸሐፊው በእጁ ይዞ ያነበበው ሥራ ብቻ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ንግድ፣ ስለ ሥራና ስለ አገር ሀብት የጻፉት ሐሳብ ዛሬም በኢኮኖሚና በታሪክ ጥናቶች ውስጥ ይነሣል። ይሁን እንጂ ሐሳቡን የሚያነሣው ተማሪ ሁሉ የ1916ቱን እትም አላየውም። ብዙው ሰው ገብረሕይወትን የሚያውቃቸው የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት “ፓዮኒርስ ኦፍ ቼንጅ ኢን ኢትዮጵያ” በተባለው መጽሐፍ በኩል ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን የሚያወሳው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስለነበሩ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን ነው፤ ገብረሕይወትም ከእነዚያ መካከል ጎልተው የሚታዩ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ተማሪ የባሕሩን መጽሐፍ ሲያነብ የገብረሕይወትን አንድ ሐሳብ አገኘና በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ እንበል። የ1916ቱን መጽሐፍ አላገኘም። በጽሑፉ ውስጥ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው፦ “ገብረሕይወት (1916 ዓ.ም.)፣ በባሕሩ (እ.ኤ.አ. 2002) እንደተጠቀሰው፣…” ብሎ ሐሳቡን ይቀጥላል። ሐሳቡን አስቀድሞ ምንጩን በቅንፍ መዝጋት ከመረጠም “(ገብረሕይወት፣ 1916 ዓ.ም.፣ በባሕሩ፣ እ.ኤ.አ. 2002 እንደተጠቀሰው)” ይላል። ወደ ዋቢዎቹ ዝርዝር ሲደርስ ግን የሚጽፈው አንድ መግቢያ ብቻ ነው፦ ባሕሩ ዘውዴ፣ እ.ኤ.አ. 2002፣ ፓዮኒርስ ኦፍ ቼንጅ ኢን ኢትዮጵያ፣ ከአሳታሚው ስም ጋር። ገብረሕይወት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በዝርዝሩ መግቢያ ላይም “እንደተጠቀሰው” የሚል ቃል አይጨመርም፤ መግቢያው ተማሪው ባሕሩን ስለ ሌላ ጉዳይ ቢጠቅስ ኖሮ ከሚጽፈው በምንም አይለይም።

ይህ አጻጻፍ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው፣ በተለምዶ ኤ.ፒ.ኤ. የሚባለው ሥርዓት የሚያዝዘው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርትና የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች ዘንድም በጣም የተለመደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰባተኛ እትሙ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ዋናው ሥራም አስተላላፊውም ይጠራሉ፤ በዝርዝሩ ውስጥ አስተላላፊው ብቻ ይገባል። የዋናው ሥራ ዓመት በአስተላላፊው መጽሐፍ ላይ ካልተሰጠ ዓመቱ ይቀራል እንጂ ከግምት አይጻፍም።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ግጭት አለ። በታሪክ ጥናት “ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ” ሲባል ስለ አንድ ዘመን በኋላ ሰው የተጻፈ ጥናት ማለት ነው፤ የባሕሩ መጽሐፍ በዚያ ትርጉም ሁልጊዜም ሁለተኛ ደረጃ ነው። በዋቢ አጠቃቀስ ግን ጉዳዩ የመጽሐፉ ዓይነት አይደለም፤ ለዚያች ለተጠቀሰች ሐሳብ በመጽሐፉና በጸሐፊው መካከል የቆመ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ተማሪው ባሕሩ ራሳቸው ስለ ገብረሕይወት የሰጡትን ፍርድ ከጠቀሰ፣ ያ የባሕሩ የራሳቸው ቃል ነውና “እንደተጠቀሰው” የሚለው ሐረግ አያስፈልገውም። “ባሕሩ (እ.ኤ.አ. 2002) ስለ ገብረሕይወት እንዲህ ይላሉ” ማለት በቂ ነው። ብዙ የተበላሹ አጠቃቀሶች የሚመጡት ከዚሁ ነው፤ የአስተላላፊው አስተያየት ለዋናው ደራሲ ይሰጣል፣ ወይም የዋናው ደራሲ ሐሳብ ለአስተላላፊው።

ዝርዝሩ አስተላላፊውን ብቻ የሚይዝበት ምክንያት የዝርዝሩ ሥራ ነው። የዋቢዎች ዝርዝር ለሐሳብ ባለቤቶች የሚሰጥ የክብር መዝገብ አይደለም፤ ያ ክብር በጽሑፉ ውስጥ ስም በመጥራት ተሰጥቷል። ዝርዝሩ አንባቢው ጸሐፊው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ያንኑ ገጽ እንዲያገኝ የተሰናዳ አድራሻ ነው። የገብረሕይወት መጽሐፍ በዝርዝሩ ከገባ አንባቢው “ይህን መጽሐፍ አንብቦታል” ብሎ ይረዳል። ከዚያም የ1916ቱን እትም ፈልጎ ቢያገኘውና በውስጡ ሐሳቡን ፈልጎ ቢያጣው፣ ወይም ሐሳቡ ሌላ መልክ ኖሮት ቢያገኘው፣ ስህተቱ ከገብረሕይወት ይሁን ከባሕሩ ወይስ ከተማሪው ማወቅ አይችልም። ባሕሩ ብቻ ከገቡ ግን መንገዱ አይቋረጥም፤ አንባቢው ባሕሩን ይገልጣል፣ ከባሕሩ የግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ወደ ገብረሕይወት ይሄዳል።

የገጽ ቁጥሩም በዚሁ ይወሰናል። ቃል በቃል የተወሰደ ነገር ሲኖር የሚጻፈው ቁጥር የባሕሩ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ተማሪው ያየው እሱን ነውና። ባሕሩ በግርጌ ማስታወሻቸው የሰጡትን የገብረሕይወትን ገጽ ቀድቶ ከራሱ ንባብ እንደመጣ አድርጎ ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ነው፤ ያልተነበበን መጽሐፍ ያነበቡ ያስመስላልና።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ በአገራችን ጽሑፎች ደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላ ችግር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። ተማሪው “ገብረሕይወት (1916)፣ በባሕሩ (2002) እንደተጠቀሰው” ብሎ ቢጽፍ፣ በሁለቱ መካከል 86 ዓመት ያለ ይመስላል። እውነቱ ግን የገብረሕይወት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣ በመሆኑ ልዩነቱ 78 ዓመት ነው። አንባቢው ሁለቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበባቸው ደግሞ የባሕሩ መጽሐፍ ከታተመበት ጊዜ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ይታየዋል። አንድ ሥራ ብቻ በሚጠቀስበት ቅንፍ ይህ ጥፋት እምብዛም አይጎዳም፤ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ማለት ግዴታ ይሆናል።

ከቀን አቆጣጠሩ የከፋው የቋንቋ ጉዞ ነው። ገብረሕይወት የጻፉት በአማርኛ ነው። ባሕሩ ሐሳባቸውን ያቀረቡት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ከእንግሊዝኛው መልሶ ወደ አማርኛ ቢያመጣው፣ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ገብረሕይወት ያልጻፉት አማርኛ ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባው ደግሞ ያልተናገሩትን በአፋቸው ማድረጉ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጥቅስ አይደረግም፤ ሐሳቡ በተማሪው ቃል ተጠቃልሎ ይቀርባል፣ ምንጩም “እንደተጠቀሰው” ተብሎ ይሰጣል። ጥቅሱ የግድ ካስፈለገ አማርኛውን መፈለግ ብቻ ነው ያለው መንገድ። እሱም ቢሆን የማይቻል አይደለም፤ የገብረሕይወት ሥራ በኋላ ዘመን እንደገና ታትሟል፤ በእንግሊዝኛም ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ለንደን ውስጥ ወጥቷል።

ይህ የሚያስነሣው ጥያቄ አለ፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ የተጠቀመ ሰው “እንደተጠቀሰው” ማለት አለበት ወይ? የለበትም። ትርጉም የዚያው መጽሐፍ ሌላ መልክ ነው፤ በመካከል የሐሳቡን ምርጫ ያደረገ ሌላ ደራሲ የለም። ተርጓሚው ከደራሲው ስም በኋላ ይጠቀሳል እንጂ አስተላላፊ አይሆንም። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመጣው መልእክተኛ ጋር ኢትዮጵያ ገብቶ ስለ አገሪቱ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚያነቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1961 በቤኪንግሃምና በሃንቲንግፎርድ ታርሞ የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ያን ያነበበ ሰው በዝርዝሩ የሚያስገባው ደራሲ አልቫሬዝ ነው፤ እትሙ የ1961ዱ እንደሆነና አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑ ይገልጻል። የደብዳቤዎችና የሰነዶች ስብስብም እንዲሁ ነው። የስዊድኑ የታሪክ ምሁር ስቬን ሩቤንሰን “አክታ ኤቲዮፒካ” በሚል ርእስ የ19ኛውን መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ደብዳቤዎች አሰባስበው አሳትመዋል። በዚያ ጥራዝ ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስን ደብዳቤ ሙሉውን ያነበበ ሰው ደብዳቤውን አንብቧል። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ከዚያው ደብዳቤ ቆርጦ ያወጣትን ሁለት መስመር ብቻ ያየ ሰው ግን ያየው የቆራጩን ምርጫ ነው፤ ለእሱ ሐረጉ ያስፈልገዋል።

ሁሉም የአጠቃቀስ ሥርዓት በዚህ ነጥብ አንድ አይደለም። በሥነ ጽሑፍ ጥናት የሚሠራበት ኤም.ኤል.ኤ. በቅንፍ ውስጥ “በእገሌ ተጠቅሶ” የሚል አጭር ምልክት ከአስተላላፊው ስምና ገጽ ጋር ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩ እንደ ኤ.ፒ.ኤ. አስተላላፊውን ብቻ ይይዛል። በታሪክ ጥናት የተለመደው የቺካጎ ሥርዓት ግን በግርጌ ማስታወሻ የሚሠራ በመሆኑ ሌላ ዘዴ አለው። በማስታወሻው ውስጥ የዋናው ሥራ ሙሉ መረጃ፣ ደራሲው፣ ርእሱ፣ ዓመቱና ገጹ ይሰጣል፤ ከዚያ “ተጠቅሶ የሚገኘው በ…” ተብሎ የአስተላላፊው ሙሉ መረጃ ይከተላል። ሁለቱ በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ተያይዘው ስለሚቆሙ አንባቢው አይታለልም። ስለዚህ “ሁለቱን መረጃ መስጠት ስህተት ነው” የሚለው አነጋገር ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ስህተት የሚሆነው ሁለቱ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የተነበቡ መስለው በዝርዝሩ ሲቆሙ ነው።

የስም አደራደርም ትንሽ ቃል ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የአባትን ወይም የቤተ ሰብን ስም አስቀድመው ይደረድራሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ግን ከጥንት ጀምሮ በራስ ስም ይደረድራል፤ ባሕሩ ዘውዴ በ“ባ” ሥር ይገኛሉ። በጽሑፉ ውስጥ “ዘውዴ (2002)” ተብሎ በዝርዝሩ “ባሕሩ ዘውዴ” ቢባል፣ አስተላላፊውን የሚፈልገው አንባቢ አያገኛቸውም። ዋናው ሥራ በዝርዝሩ ስለሌለ አስተላላፊው ብቸኛ መጨበጫ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

የአስተላላፊውን ስም መደበቅ ምን እንደሚያስከትል በሚገባ የተመረመረ አንድ ታሪክ አለ፤ የስፒናች ታሪክ። ስፒናች በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው የሚለው እምነት የተወለደው አንድ ሳይንቲስት የነጥብ ቦታ ስቶ የብረቱን መጠን አሥር እጥፍ አድርጎ ስለጻፈ ነው የሚል ወሬ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። ወሬውን በሰፊው ያሠራጨው ሐኪሙ ቴሬንስ ሃምብሊን እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ለነጥቡ ስህተት ምንጭ አልሰጠም። ይሁንና ከዚያ በኋላ የጻፉ ሰዎች ነገሩን እንደተረጋገጠ እውነት አድርገው ጠቀሱት። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ አንድ ጽሑፍ ውስጥም ይኸው ወሬ ሃምብሊን ተጠቅሰው ተደግሟል። የዚያ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ደግሞ፣ ለማመን ቢያስቸግርም፣ በተበላሸ አጠቃቀስ የሐሰት መረጃ እንዴት እንደሚሠራጭ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክ ሳተን የተባሉ ተመራማሪ የወሬውን ዱካ ወደ ኋላ ተከትለው ለተሳሳተው ነጥብ ማስረጃ ማግኘት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኖርዌያዊው ኦሌ ቢዮርን ሬክዳል ይህን ሁሉ ሰንሰለት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አሳይተው፣ የምሁራን ተረት የሚወለደው እንዲህ ነው አሉ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ከበፊቱ ያገኘውን ይቀበላል፣ የሚጠቅሰውን አያጣራም፣ አንዳንዱም ያገኘበትን ሰው ስም ይተወዋል። በሰንሰለቱ ላይ ያለ አንድ ሰው “ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው፣ ዋናውን አላየሁትም” ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ቀጣዩ አንባቢ ዋናው የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

ያልተነበበ ምንጭ ለመታወቅ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ሲምኪንና ሮይቻውድሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ዝነኛ የሳይንስ ጽሑፍ የተጠቀሰባቸውን 4300 ያህል ቦታዎች መረመሩ። የፈለጉት በገጽ ቁጥር፣ በዓመትና በመሳሰሉት ላይ የተፈጠሩ የአጻጻፍ ግድፈቶችን ነበር። 196 ግድፈት አገኙ። ሰዎቹ ሁሉ ዋናውን አይተው በየራሳቸው ቢሳሳቱ ኖሮ 196 ዓይነት ስህተት ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው ግን 45 ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ግድፈት ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። ሰባ ስምንት ሰው በአጋጣሚ አንዱን አሃዝ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊስት አይችልም፤ አንዱ ሳተ፣ ሌሎቹ ከዋቢ ዝርዝር ወደ ዋቢ ዝርዝር ቀዱ። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎቹ ዋናውን ጽሑፍ በእርግጥ የሚያነቡት ከጠቃሾቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ገመቱ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። በዝርዝሩ ውስጥ የገባው መጽሐፍ ተማሪው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ይጠረጥራል። የጥቅሱ መጀመሪያና መጨረሻ ሌላ የታወቀ መጽሐፍ ከቆረጠበት ቦታ ጋር በትክክል ከገጠመ፣ ሦስት ነጥቦቹ ሳይቀሩ አንድ ከሆኑ፣ መጠርጠሩን ወደ ማወቅ ያስጠጋዋል። የአስተላላፊው መጽሐፍ የደራሲውን ስም በተለየ ፊደል ጽፎት ከሆነና ያው አጻጻፍ በተማሪው ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ማስረጃው ሙሉ ነው። ይህ ሁሉ እንዲያው “እንደተጠቀሰው” በሚል አንድ ቃል ሊቀር የሚችል ነበር፤ ሐረጉ ተማሪውን አያዋርደውም፤ ይልቅ ስህተቱ የአስተላላፊው ከሆነ ከተጠያቂነት ያወጣዋል።

ሐረጉ ግን በየገጹ ሊበተን አይገባም። መመሪያዎቹ ሁሉ ዋናውን ማግኘት በማይቻልበት ጊዜ ብቻ እንዲሠራበት ይመክራሉ። ማግኘት የማይቻለው መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋና በቤተ መጻሕፍትም ሳይገኝ፣ ወይም ጸሐፊው በማያውቀው ቋንቋ ሲሆን ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሥራ አምስት “እንደተጠቀሰው” ካለ፣ ምዕራፉ የአንድ መጽሐፍ ቅጂ መሆኑን ራሱ እየመሰከረ ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ ዋናው ከምድር የጠፋበት ነው፤ እዚህ ላይ ከአስተላላፊ ሌላ መንገድ የለም። ለዚህ ከኢትዮጵያ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። እዚያም በድንጋይ ላይና በዙፋን ላይ የተቀረጹ የግሪክኛ ጽሑፎችን አግኝቶ ቀዳቸው፤ በኋላም “ክርስቲያናዊ መልክዐ ምድር” በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አስገባቸው። ድንጋዩም ዙፋኑም ዛሬ የሉም። ስለ አዱሊሱ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ የዓለም ትልቁ ሊቅ ቢሆን እንኳ፣ ያየው የኮስማስን ቅጂ ነው። በዝርዝሩም የሚያስገባው ያነበበውን የኮስማስን እትም ነው፤ ለምሳሌ ማክሪንድል ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተሙትን። የአዱሊስ ጽሑፍ የራሱ መግቢያ አይኖረውም።

ኮስማስ ደግሞ አስተላላፊ እንዴት እንደሚያሳስት በራሱ ያሳያል። የድንጋዩ ጽሑፍ የግብፁ ንጉሥ የሣልሳዊ በጥሊሞስ ነበር፤ የዙፋኑ ጽሑፍ ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ዘመቻዎቹን የዘረዘረ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው። ኮስማስ ሁለቱን የአንድ ጽሑፍ መጀመሪያና ቀጣይ አድርጎ አያያዛቸው። በዚህ የተነሣ የአክሱሙ ንጉሥ ድሎች ለረጅም ጊዜ ለግብፁ ንጉሥ ተሰጡ፤ ሁለቱን የለዩዋቸው በኋላ ዘመን የመጡ ሊቃውንት ናቸው። የዙፋኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ስለጎደለ የንጉሡ ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጸሐፊዎች “በኮስማስ እንደተጠቀሰው” ማለትን ጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ፣ ስህተቱ ከድንጋዩ ይሁን ከቀጂው ለማሰብ እንኳ መነሻ አይኖርም ነበር።

አንዳንድ ጊዜ አስተላላፊው ራሱ ከሌላ አስተላላፊ ያገኘው ይሆናል፤ ባሕሩን ያነበበ አንድ መጣጥፍ የገብረሕይወትን ሐሳብ ከባሕሩ ወስዶ፣ ተማሪው ደግሞ መጣጥፉን ብቻ አንብቦ ሊሆን ይችላል። ሦስት ስም በቅንፍ መደርደር አንባቢውን ያደክማል። ደንቡ አይለወጥም፤ በዝርዝሩ የሚገባው መጣጥፉ ነው። ግን እዚህ የደረሰ ሰው ቢያንስ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ የባሕሩን መጽሐፍ ቢገልጥ ይሻላል፤ በየእጁ ሐሳቡ ትንሽ ትንሽ እየተሸራረፈ ነው የሚመጣው።

ዋቢ በሚያሰናዱ ፕሮግራሞች የሚጽፍ ሰው የሚሳሳተው በሌላ ቦታ ነው። ዞቴሮን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ የገብረሕይወት መጽሐፍ ተመዝግቦ በጽሑፉ ውስጥ ከተጠራ፣ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ የሚጠራው የባሕሩ መጽሐፍ ብቻ መሆን አለበት። የገብረሕይወት ስምና ዓመት ግን በዚያው ጥቅስ ላይ Prefix በሚለው ሳጥን ውስጥ በእጅ ይጻፋል። አማርኛ “እንደተጠቀሰው” የሚለውን ቃል ከኋላ ስለሚያስቀምጥ እሱ Suffix በሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ተማሪው በመጨረሻ ጽሑፉንና ዝርዝሩን ሲያስተያይ፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠራ ግን በዝርዝሩ ያልተገኘ ስም ሲያጋጥመው እንዳይደነግጥ፤ ያ ስም በ“እንደተጠቀሰው” የገባ ከሆነ አለመገኘቱ ትክክል ነው።

ተማሪው ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት የገብረሕይወትን መጽሐፍ አግኝቶ ሐሳቡን በዓይኑ ካረጋገጠ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። ሐረጉ ይወጣል፣ የገጽ ቁጥሩ የገብረሕይወት መጽሐፍ ይሆናል፣ ገብረሕይወት በ“ገ” ሥር ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ። ባሕሩ በሌላ ቦታ ካልተጠቀሱ በዝርዝሩ አይቆዩም፤ መንገዱን ስላሳዩ ማመስገን የሚፈልግ ተማሪ ምስጋናውን በግርጌ ማስታወሻ ያሰፍራል።